«መጀመሪያ ካካ ያለው በስንተኛው ቀን ነው?»

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በጤና መኮንንነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። አንዲት እናት የ5 ወር ወንድ ልጇን በሆድ ድርቀት አመጣችው። «አምስት ስድስት ቀን ይቆይበታል፣ ዶክተር» አለችኝ። የሚያለሰልስ ሽሮፕ ጻፍኩላትና ሸኘኋት። በወሩ ስትመለስ መጠኑን ጨመርኩላት። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ልደቱ ቀናት አልጠየቅኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በ7 ወሩ ሲመጣ አያቱም አብረው ነበሩ። ሚዛኑ 5.2 ኪሎ ይላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ እጅና እግሩ ግን ከስቷል።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተወለደ ጀምሮ ነዋ ልጄ! ያ ጥቁሩ ካካ እንኳ በሦስተኛው ቀን ነው የወጣው፤ እሱም ሳሙና አሹለን አስገብተንለት።»

ደነገጥኩ። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ያንን ዝፍት የመሰለ ካካ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያወጣል። 48 ሰዓት ካለፈ መጠርጠር ይገባል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሳምንት ሙሉ ካካ ሳይል ሊቆይ ይችላል፤ ግን ሆዱ አይወጠርም፣ ኪሎው ይጨምራል፣ ሲወጣም ለስላሳ ነው። የዚህኛው እንደዚያ አልነበረም።

ጓንት አድርጌ በትንሿ ጣቴ መረመርኩት። ፊንጢጣው ጥብቅ ብሎ ጣቴን ያዘው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ድርቀት ቢሆን ኖሮ ደረቅ ሰገራ ሞልቶ ባገኘሁ ነበር። ጣቴን ሳወጣ አየርና ቀጭን ሰገራ በኃይል ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሆዱም ጎደል አለ።

ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው በሽታ ነበር። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ይሰፍራሉ። ጉዟቸው ከመንገድ ሲቀር የታችኛው ክፍል ያለ ነርቭ ይቀራል። ያ ክፍል ዘና ማለት አይችልምና ሰገራ አያሳልፍም፤ ከበላዩ ያለው ጤነኛ አንጀት ግን እየገፋና እየተጠራቀመበት ይለጠጣል። በራጅ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ጤነኛው ነው፤ በሽታው ያለው በጠባቡ ላይ ነው። ሽሮፕ ሰገራውን ያቀጥናል እንጂ የሌለ ነርቭ አይተካም።

ወደ ሕፃናት ቀዶ ሐኪም ላክሁት። በፊንጢጣ መድኃኒት ገብቶ ራጅ ተነሣ፤ ከፊንጢጣው ግድግዳ የተወሰደው ናሙና ደግሞ የነርቭ ሕዋስ እንደሌለው አረጋገጠ። መጀመሪያ አንጀቱ በሆዱ በኩል እንዲወጣ ተደረገ፤ ኪሎው ሲመለስ ነርቭ አልባው ክፍል ተቆርጦ ጤነኛው ወደ ታች ተስቦ ተሰፋ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊያዩኝ መጡ። ቀዶ ሐኪሙ የነገራቸውን አያቱ በቃላቸው ይዘውታል፦ «ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳት ይዞት፣ የሚሸት ተቅማጥ ካስቀመጠው፣ ሌሊትም ቢሆን እንድናመጣው። ተቅማጥ ነው፣ ያልፋል ብለን እንዳንቀመጥ።»