31 ታብ በ4 ጊጋ ራም
ዛሬ ማታም ላፕቶፑ ደረቀብኝ። የምተረጉመው ሰነድ ገጽ 12 ላይ ደርሼ ነበር። አንድ ቃል ላረጋግጥ ብዬ ጠዋት ወደ ከፈትኩት ታብ ተመለስኩ። ገጹ ነጭ እንደሆነ ቀረ። የማውሱ ቀስት ይንቀሳቀሳል፣ ግን ምንም ብጫን መልስ የለም። ከውስጥ ያ የለመድኩት ድምፅ መጣ፣ ሃርድ ዲስኩ ክርክርክር ሲል። የዲስኩ ትንሽ መብራትም ሳትጠፋ በራች። ስልኬን አንስቼ ሰዓት ያዝኩ። ገጹ እስኪመጣ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። እስከ ዛሬ ሲደርቅ "ታብ አብዝቼ ነው" እልና እጄ የገባውን እየዘጋሁ እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን ሥራዬን ትቼ ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት ተቀመጥኩ።

Ctrl+Shift+Esc ተጭኜ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። Memory 94%፣ Disk 100%፣ CPU ግን 15% ብቻ ይላል። ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። CPU 100% ሆኖ ዲስኩ ዝም ቢል ኖሮ፣ አንድ ገጽ ውስጥ ያለ ስክሪፕት እየለፋ ነው እል ነበር። የኔው ተቃራኒው ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ አልበዛበትም፣ ዕቃ ማመላለስ ነው የያዘው።

ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ቶሎ ፕሮግራም አይዘጋም። ቆየት ብሎ ያልተነካውን ከራም ያወጣና pagefile.sys በሚባል ፋይል ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል። ጠዋት የከፈትኩት ታብ የሄደው እዚያ ነው። ስመለስበት ከዲስክ ወደ ራም መግባት አለበት። ለእሱ ቦታ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ታብ መውጣት አለበት። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት ከራም በ100,000 እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ያቺ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የዚህ ምልልስ ዋጋ ናት።

ባለፈው ወር ወንድሜ "ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ጫንበት" ብሎኝ ጭኜ ነበር። ቁልፉን ስጫነው የራሙ ቁጥር ከ90 ወደ 50 ይወርዳል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ከዚያ ብሮውዘሩን ስነካው ከበፊቱ የባሰ ይደርቃል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ፕሮግራሙ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ብሮውዘሩ የሚሠራበትን ከራም ገፍትሮ ያስወጣዋል፣ እኔ ስነካው ደግሞ ከዲስክ እየተለቀመ ይመለሳል። ዛሬውኑ አጠፋሁት።

ቀጥሎ ወደ ብሮውዘሩ ገባሁ። ክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር አለው። የክሮም መስኮት ላይ ሆኖ Shift+Esc መጫን ነው። Memory footprint የሚለውን ርዕስ ነካሁና ከትልቅ ወደ ትንሽ አስደረደርኩት። 31 ታብ ነበር የተከፈተው። 31ዱም እኩል ይበላሉ ብዬ አስብ ነበር፣ ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ጽሑፍ ብቻ ያለባቸው ገጾች ከ40 እስከ 80 ሜጋ ነው የያዙት። ከላይ የተቀመጠው ከሦስት ቀን በፊት የከፈትኩት፣ ራሱን በራሱ የሚያድስ የዜና ገጽ ነው። ብቻውን 640 ሜጋ። ከሦስት ቀን ወዲህ አንዴም አላየሁትም። ቀጥሎ ያቆምኩት ቪዲዮ 420፣ ቃላት የምመዘግብበት ሰንጠረዥ 380፣ ኢሜይሌ 310። መቼ እንደጫንኩት የማላስታውሰው የስክሪን ፎቶ ማንሻ ኤክስቴንሽንም 90 ይዟል፣ ያውም ምንም ሳይሠራ።

ሁሉንም ስደምረው 3.5 ጊጋ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዊንዶውስ ሲነሳ ብቻ ወደ 2 ጊጋ ስለሚወስድ ለብሮውዘሩ የሚቀረው 2 ጊጋ አይሞላም። ድምሩ ከሚቀረው ራም የበለጠው Memory footprint ወደ ዲስክ የወጣውንም ስለሚቆጥር ነው። የተረፈው 1.5 ጊጋ ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

የዜናው ገጽ ሥር Subframe: የሚሉ አምስት መስመሮች አየሁ። ማስታወቂያዎቹ ናቸው። ከሌላ ድረ ገጽ ስለሚመጡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፕሮሰስ አላቸው። ክሮም ከ2018 ጀምሮ የተለያዩ ድረ ገጾችን በየራሳቸው ፕሮሰስ ለይቶ ያስቀምጣል፣ አንዱ የሌላውን የይለፍ ቃል ከሜሞሪ እንዳይሰርቅ። ይህ ሲጀመር የራም ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ማጥፊያ መንገድ እንዳለው አውቃለሁ። ግን በዚሁ ብሮውዘር የባንክ ሒሳቤን ስለምከፍት አልነካውም። ራም ከሌላ ቦታ ይገኛል።

የተገኘውም ከሌላ ቦታ ነው። አድራሻ መጻፊያው ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```
chrome://discards
```

የታቦቹ ዝርዝር መጣ። በየመስመሩ Urgent Discard የሚል አለ። እሱን ስትጫነው ታቡ ከላይ ካለበት አይጠፋም፣ ስሙም እንዳለ ነው፣ የያዘውን ራም ግን ይለቃል። መልሰህ ስትነካው ገጹ ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ይጫናል። ስለዚህ ግማሽ ድረስ የሞላኸው ቅጽ ያለበትን ታብ በዚህ መንገድ መልቀቅ የለብህም፣ የጻፍከው ሊጠፋ ይችላል። ዜናውን፣ ቪዲዮውንና ለጊዜው የማልፈልጋቸውን 18 ገጾች ለቀቅኩ። ኤክስቴንሽኑን አወጣሁት። የዲስኩ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ቆየችና ጠፋች። ክርክርታውም አብሮ ቆመ። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ እንደሚል ረስቼው ነበር።

ሁልጊዜ በእጅ ላለማድረግ በ Settings ውስጥ Performance ገብቼ Memory Saver የሚለውን አበራሁ። ቆይተው ያልተነኩ ታቦችን ራሱ ይለቃል። ድምፅ እያሰማ ያለ ታብ አይነካም። ሰንጠረዤ እንዳይለቀቅብኝ አድራሻውን Always keep these sites active የሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ፋየርፎክስ ለምትጠቀም ጓደኛዬም ነገ ልነግራት አስቤያለሁ። የእሷ about:processes እና about:unloads ነው፣ ሥራው ያው ነው።

አሁን 31ዱም ታቦች ከላይ ተደርድረዋል። Memory 76%፣ Disk 2%። ገጽ 12ን ጨረስኩ፣ 13ንም ጀመርኩ። ወደ ተለቀቀ ታብ ስሄድ ገጹ በ4 ወይም በ5 ሰከንድ ይመጣል።

ይህ መንገድ የማይፈታው አንድ ነገር ግን አለ። ሐሙስ ሰንጠረዡን ከፍቼ በቪዲዮ ስብሰባ መግባት አለብኝ። ያን ጊዜ ሁለቱም በአንዴ ያስፈልጉኛል፣ ልለቀው የምችለው ነገር አይኖርም። ላፕቶፑ ተጨማሪ የራም ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ነገ የታች ክዳኑን ፈትቼ አያለሁ። ከሌለው ሰንጠረዡን አትሜ በወረቀት ይዤ እገባለሁ።