ማጠቃለያው ላይ የተቆላውን ኪሎ ጻፉ

ሰበታ ላይ ትንሽ የቡና መቁያ ቤት አለችኝ። ሁለተኛ ማሽንና ጥሬ ቡና ለመግዛት ብድር ጠየቅኩ። ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ የማሽኑ ፕሮፎርማና የመያዣው ካርታ ቢያሰለቹም ያልቃሉ። እኔን ያቃጠለችኝ የቢዝነስ ፕላኑ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማጠቃለያዋ ናት።

መጀመሪያ ደረቅ አድርጌ ነበር የጻፍኳት። በወር 10 ኩንታል ጥሬ ቡና እገዛለሁ። በለቀማ ጠጠሩ፣ ጥቁሩና የተበሳው ሲወጣ 970 ኪሎ ይቀራል። ሲቆላ ደግሞ ውሃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ በእኔ አቆላል 16 በመቶ ያህል። ስለዚህ የምሸጠው ወደ 815 ኪሎ ነው።

የብድር ባለሙያው አነበበና «ይሄ ኋላ ይግባ። ፊት ለፊት ስለ ጉድለት አይወራም» አለኝ። በምትኩ ራዕይና ተልዕኮ አስገባ። ቡና ከካፋ መነሳቱንም ጨመረበት፣ የባንኩ ብድር ኮሚቴ ይህን የማያውቅ ይመስል! ከሥሩ «በወር 1,000 ኪሎ ቡና አምርቶ ይሸጣል» ብሎ ጻፈ። ተከራከርኩት። «የባንኩ ናሙና እንዲህ ነው» አለ። ፋይሉን የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለስሌት እንዲመች ጥሬውን በ500፣ የተቆላውን በ800 ብር እንያዝ። 1,000 ኪሎ ከተሸጠ ከቡናው ዋጋ በላይ 300 ሺህ ብር ይተርፋል። 815 ኪሎ ሲሸጥ ግን ገቢው 652 ሺህ ነው፤ የጥሬው 500 ሺህ ሲነሳለት 152 ሺህ ይቀራል። ጋዙ፣ ማሸጊያው፣ ደመወዙና ወርሃዊ የብድር ክፍያው ገና ከዚህ ላይ ይወጣሉ። የኋላው ሠንጠረዥ 152 ሺህ ይላል፣ የፊቱ ገጽ 300 ሺህ ያስመስላል። ፋይሉ «የገቢ ትንበያው አይጣጣምም» ተብሎ ተመለሰ። ባለሙያው ምንም እንዳልነካ ሰው «አስተካክለው ያምጡ» አለኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ራዕዩንም ካፋንም አወጣኋቸው። ናሙናው የፈለገውን ይበል፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ስንት እንደምትበደሩ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለማሽን፣ ስንቱ ለጥሬ ቡና እንደሆነ ጻፉ። ቀጥሎ የገባው ጥሬና የወጣው የተቆላ ቡና ይምጣ፤ ወርሃዊ ክፍያው ከየት እንደሚወጣም ይታይ። የቅናሹን መቶኛ ከሌላ ሰው አትዋሱ። ጠቆር አድርጎ የሚቆላ ሰው 20 በመቶ ድረስ ሊያጣ ይችላል። እኔ የምቆላውን በየዙሩ ስመዝን 15 ኪሎ ገብቶ 12.6 አካባቢ ይወጣል። ኮሚቴው 16 በመቶው ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ የሚዛን ደብተሬን ኮፒ አያያዝኩ።

ብድሩ ተፈቀደ። ግን አዲሱ ቡና በብዛት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ገንዘቡ እጄ ሲገባ ወቅቱ አልፏል። ጥሬውን መጋዘን ካከማቸ ነጋዴ ላይ በውድ ገዛሁ።