የአከራዬ የቤት መድን የእኔን ዕቃ ያልካሰበት ምክንያት

ጎንደር አዘዞ ውስጥ በተከራየሁት ቤት፣ ከጎረቤቴ ክፍል ኮርኒስ በላይ ካለው የመብራት መስመር የተነሣ እሳት ወደ እኔም ተሻግሮ አልጋዬን፣ ፍሪጄን፣ ቴሌቪዥኔንና ቁም ሣጥኔን ከነልብሱ አቃጠለው። አከራዬ ቤቱን መድን እንዳስገቡት ስለማውቅ ካሳው ለእኔም የሚደርስ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ውሉን አውጥተው አብረን ስናነበው፣ መድን የተገባለት ንብረት በሚለው ሠንጠረዥ የሰፈረው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ኮርኒሱ፣ በርና መስኮቱ እንዲሁም ከቤቱ ጋር የተገጠመው የመብራትና የውኃ መስመር ብቻ ነበር። «ልጄ፣ እኔማ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ የገባ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ካሳ የሚከፈለው በንብረቱ መጥፋት በትክክል ለሚጎዳ ሰው ነው፤ የእኔ ፍሪጅ ቢቃጠል እርሳቸው የሚያጡት ነገር ስለሌለ፣ በስማቸው መድን ሊገቡለት አይችሉም፤ የሚከፍሉት አረቦንም የተሰላው በሕንፃው ዋጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃዬን እንደ አዲስ ሳሟላ የራሴን የቤት ዕቃ መድን ገባሁ። መነሻው የእሳትና የመብረቅ ሽፋን ሲሆን፣ ቤት ሰብሮ የሚፈጸም ስርቆትንና፣ ሮቶው ከጣሪያው በላይ ስለተቀመጠ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የቧንቧ መፈንዳትን በተጨማሪ አረቦን አስገባሁ። ክፍል በክፍል እየዞርኩ እያንዳንዱን ዕቃ ከነዋጋው መዘገብኩ፤ ድምሩ 200,000 ብር መጣ።

አረቦኑ እንዲቀንስልኝ 120,000 ብር ብቻ ላስመዝግብ አስቤ ነበር። ባለሙያው ግን ወረቀት ላይ አስልቶ አሳየኝ፦ 120,000 ብር ከ200,000 ብር 60 በመቶ ስለሆነ፣ 50,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ብቻ ቢቃጠል እንኳ የሚከፈለኝ 30,000 ብር ነው፤ ቀሪውን ራሴ እሸከማለሁ። ጉዳቱ ካስመዘገብኩት መጠን በታች ከሆነ ሙሉውን የማገኝ ይመስለኝ ስለነበር ይህ ስሌት በጣም አስደነገጠኝ፤ ሙሉውን ዋጋ አስመዘገብኩ።

ከውሉ ገደቦች መካከል ደጋግሜ ያነበብኩት የኤሌክትሪክ ብልሽትን የሚመለከተውን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣ ኃይለኛ ኮረንቲ የፍሪጁ ሞተር ቢቃጠል፣ በእኔ ውል ሞተሩ አይካስም፤ ከዚያ የተነሣው እሳት አልጋውን ቢያቃጥል ግን አልጋው ይካሳል። ስለዚህ ለፍሪጁ የኮረንቲ መከላከያ ገዛሁ።

ሌላው፣ እሳቱ በእኔ ጥፋት ቢነሣ የአከራዬ መድን ሰጪ ለእርሳቸው የከፈለውን ካሳ ከእኔ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የዕቃ መድን ብቻውን ይህን ዕዳ ስለማይሸፍን፣ ለሌላ ሰው ንብረት ያለብኝን ኃላፊነት የሚሸፍን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲጨመር አደረግሁ። ሽፋኑ በውሉ ላይ ለተጻፈው አድራሻ ብቻ ስለሆነም፣ ባለፈው ዓመት ወደ ማራኪ ስዛወር ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለመድን ድርጅቱ አመልክቼ የአድራሻ ለውጡን ማረጋገጫ ተቀበልኩ።