ትንሿ መኪናዬ

በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር መካከል ለዓመታት የተመላለስኩት ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» በሚልበት ሚኒባስ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ በስሜ ተዛወረችልኝ።

መካኒክ የሆነው አጎቴ ሞተር ከሞቀ ብዙ ጉድለት ስለሚደብቅ፣ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት መኪናዋን በማለዳ፣ ሳትነሳ እንድናያት አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። ኮፈኑን ዳስሶ መቀዝቀዙን ካረጋገጠ በኋላ አስነሣትና ከጭስ ማውጫው ኋላ ቆመ፤ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት ታቃጥላለች ማለት ነበር፣ የወጣው ግን ሞተሩ ሲሞቅ የጠፋ ቀጭን ነጭ እንፋሎት ብቻ ሆነ። ቀጥሎም በመኪናዋ አካል ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ፤ አንዲት ፊደል ብትለያይ እንኳ ውል እንዳልፈርም አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል። ሻጩ ነገሩ ሳይሰለቸው አልቀረም፣ ነገር ግን በትዕግሥት ጠበቀን።

የሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው ጊዜያቸው ስላላለፈ በዚያ በኩል አልተንገላታሁም። ዕቁብተኞቼ፣ ተራዬን ስላስቀደማችሁልኝ ውለታችሁ አለብኝ። እማዬ፣ እሑድ ለቅዳሴ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ጋቢናው ያንቺ ነው።