በግማሽ የተዘጋው ሄጅ

ካምፓላ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

መጋዘናችን ውስጥ 100 ቶን ሮቡስታ ነበረን። ከነማበጠሪያውና ከነጆንያው ቶኑ 2,300 ዶላር ፈጅቶብናል፤ ገዢ ግን ገና አላገኘንም። በዚያን ቀን የለንደን ፊውቸርስ ገበያ ላይ፣ ማለትም ወደፊት ለሚረከብ ቡና ከወዲሁ ዋጋ በሚቆረጥበት ገበያ፣ ቶኑ 2,500 ዶላር ነበር። ገዢ እስክናገኝ ዋጋው ወርዶ ትርፋችንን እንዳይበላው፣ በብሮከራችን በኩል 10 ኮንትራት ሸጥን። አንዱ ኮንትራት 10 ቶን ስለሆነ ልክ መጋዘን ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ዋጋ ቢወርድ ቡናው ላይ የምናጣውን፣ ኮንትራቱን በርካሽ መልሰን በመግዛት እናገኘዋለን። ቢወጣ ደግሞ ኮንትራቱ ያከሰረንን ቡናው ይክሰናል። በሁለቱም መንገድ 2,500 ላይ ቆመናል ማለት ነው። ሄጅ የሚባለው ይህ ነው።

ዋጋው ወጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 2,800 ሲገባ፣ ብሮከሩ የኮንትራቱን ኪሳራ ለመሸፈን በየጊዜው የጠየቀን ገንዘብ፣ ማርጂን የሚባለው፣ ተደምሮ 30,000 ዶላር ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ፣ “ቡናችን ተወደደ እያልከኝ ለምንድነው የምንከፍለው?” አሉኝ።

መልሱ አጭር ነበር። ቡናውም 30,000 ዶላር ጨምሯል፤ ነገር ግን የቡናው ትርፍ እጃችን የሚገባው ሲሸጥ ነው፣ ብሮከሩ ግን ዛሬ ይፈልጋል። እኔ ይህን ኮንትራቱን ከመሸጣችን በፊት ማስረዳት ሲገባኝ፣ ያን ዕለት ነው መንተባተብ የጀመርኩት። ወቅቱ ግዢ የሚጧጧፍበት ስለነበር የባንክ ሒሳባችን ተሟጧል። እሳቸውም ግማሹን እንድንዘጋ አዘዙ፤ 5 ኮንትራት በ2,800 መልሰን ገዛንና 15,000 ዶላር ከሰርን።

ብዙም ሳይቆይ ገበያው ዞሮ 2,400 ወረደ፤ ገዢ ያገኘነውም በዚያ ዋጋ ነው። የከፈለን የለንደኑን ዋጋ ልክ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ቡናው ከለንደን ዋጋ በላይ ወይም በታች የሚሸጥበትን ልዩነት ሄጅ አይሸፍነውም።

ማታ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብለን ደመርነው። ከቡናው 240,000 አገኘን፣ የቀሩት 5 ኮንትራቶች 5,000 አተረፉ፣ የተዘጉት 15,000 ወሰዱ፤ የቀረን 230,000፣ ልክ ያወጣነውን ያህል። አሥሩንም ይዘን ብንቆይ 250,000 ይሆን ነበር። ጭራሽ ሄጅ ባናደርግ እንኳ 240,000 እናገኝ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ።

በሚቀጥለው ግዢ ኮንትራት ከመሸጣችን በፊት ባንኩ ጋር ሄድኩ። ለንደን በቶን 500 ዶላር ቢጨምር የሚያስፈልገንን 50,000 ዶላር፣ የመጋዘኑን ደረሰኝ በመያዣነት አስይዘን እንዲፈቅዱልን ጠየቅን። ወረቀቱ ተፈርሞ እጄ እስኪገባ ብሮከሩን አልደወልኩለትም።