92 ቮልት የሚያሳይ የሞተ ሽቦ

ብሬከሩን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ማንም እንዳያበራው ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሥራው ቀላል ነበር፤ የአንድ ረጅም ኮሪደር መብራት ላይ ያረጁ ማብሪያ ማጥፊያዎችን መቀየር። አምፖሎቹን ቀድመን አውርደናል። የመጀመሪያውን ማብሪያ ፈትቼ ካወጣሁ በኋላ፣ ለወጉ ያህል የመልቲሜትሩን ጫፎች ፌዙና ኧርዙ ላይ አሳረፍኩ። 92 ቮልት አለኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። ሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ጎን ያለው ሶኬት ላይ ሞከርኩት፤ 221 አሳየ፤ ደህና ነው። ተመልሼ ሽቦውን ለካሁ። አሁንም 92።

እንግዲህ ሌላ መስመር ገብቶበታል ማለት ነው አልኩ። ፓነሉ ጋ ሄጄ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። አንዱን ሳጠፋ ንባቡ ወደ 58 ወረደ። ሁለተኛውን ሳጠፋ 21 ሆነ። ሦስተኛው ላይ ዜሮ ገባ። ሦስት መስመሮች በአንድ ሽቦ ላይ ኮርቶ አድርገዋል ብዬ ደመደምኩ። የግማሽ ቀን ሥራዬ ጣሪያ ላይ ያሉ ጃንክሽን ቦክሶችን እየከፈቱ የተላጠ ሽቦ መፈለግ ሆነ። አንድም አላገኘሁም።

የቡድናችን አንጋፋ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጋሼ እንላቸዋለን።

«ኢንሱሌሽኑ የሆነ ቦታ ተልጧል ጋሼ» አልኳቸው።

«ስንት ብሬከር ስታጠፋ ዜሮ ሆነ?»

«ሦስት።»

«ኮርቶ ቢሆን በአንዱ ነበር የሚጠፋው። ያውም 220 ነበር የሚያሳይህ። እየተሸራረፈ የሚቀንስ ኮርቶ አይተህ ታውቃለህ?»

ከሣጥናቸው የ60 ዋት የድሮ አምፖል ያለበት ፖርታላምፓዳ አወጡ። ሁለት የሽቦ ጫፎች፣ አንደኛው ላይ ፊውዝ አለው። መጀመሪያ ሶኬት ላይ አበሩት። ከዚያ «ሜትርህን እዚያው ያዝልኝ» አሉና አምፖሉን ከሜትሩ ጎን ለጎን ፌዙና ኧርዙ ላይ አገናኙት። አምፖሉ አልበራም። 92ቱ ግን ወዲያው 0.0 ሆነ። አምፖሉን ሲያነሱት 92 ተመለሰ። ሲያገናኙት ዜሮ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሳዩኝ፤ ከዚያ አምፖሉን እንደገና ሶኬት ላይ አበሩት። በመሃል ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለቱ ዋጋ የለውማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከሦስት በሥራ ላይ ካሉ መስመሮች ጋር ተቃቅፎ 35 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለት ሽቦዎች በፕላስቲክ ተለያይተው ጎን ለጎን ሲሄዱ ደካማ ካፓሲተር ይሆናሉ፤ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ደግሞ በካፓሲተር ጥቂት ያልፋል። አምፖሎቹን አውርደናል፣ ብሬከሩም ጠፍቷል። ስለዚህ ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ተንሳፍፏል። አምፖሎቹ ቦታቸው ቢሆኑ ኖሮ በእነሱ በኩል ወደ ኒውትራል ይፈስ ነበርና 92 የሚባል ነገር አላይም ነበር።

ታዲያ ሜትሩ ዋሸ? አልዋሸም፤ ቮልቱ በእርግጥ አለ። ግን ጉልበት የለውም፤ ጥላ የምንለው ይህን ነው። የተለመደው ዲጂታል መልቲሜትር ውስጣዊ መቋቋሙ 10 ሜጋ ኦም ገደማ ነው፤ ከሽቦው የሚወስደው ከሞላ ጎደል ምንም ነው። 92 ቮልት ለ10 ሜጋ ኦም ሲካፈል 9 ማይክሮ አምፔር ይሆናል። ይህቺን ያህልማ በፕላስቲኩም በኩል ትመጣለች። አምፖሉ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ከመቶ ኦም በታች ነው፤ ያቺን ጠብታ ውጦ ዝም ይላል። ቴስተር እስክሪብቶማ አይነሳ፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ላይ ያለማወላወል ይጮሃል።

በኋላ ሎዜድ የሚባል መምረጫ ያለው ሜትር ገዛሁ። ሲያዞሩት ሜትሩ በ10 ሜጋ ፋንታ 3 ኪሎ ኦም ገደማ ይሆናል፤ የአምፖሉን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ያንኑ ሽቦ ስለካበት 0.3 አለኝ። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። በሎዜድ በሥራ ላይ ያለ ፌዝን ከኧርዝ ጋር ከለካችሁ ከ70 ሚሊ አምፔር በላይ ወደ ኧርዝ ይፈሳል፤ ፍሳሽ ሲያይ መስመር የሚቆርጥ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ካለ ይወርድና ቤቱን ያጨልማል። ደግሞ ንባቡ ዜሮም ሙሉም ሳይሆን መሃል ላይ፣ ለምሳሌ 30 ላይ ከቆመ፣ ያ ጥላ አይደለም። በተበላሸ ኢንሱሌሽን በኩል የሚመጣ እውነተኛ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ሜገር የሚባለው የኢንሱሌሽን መለኪያ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቤትና ስለ ቢሮ ሽቦ ነው። ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥር በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ላይ በኢንዳክሽን የሚመጣው ቮልት ግን ሰው ይገድላል።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ትንሽ አበዛሁት።

ከወራት በኋላ ሌላ ሕንፃ ላይ የመብራት ብሬከር አጥፍቼ ጃንክሽን ቦክስ ከፈትኩ። ፌዙን ለካሁ፤ ዜሮ። ኒውትራሎቹን ስፈታ ትንሽ ብልጭ አለች። ችላ አልኳት። በተለያዩት በሁለቱ የኒውትራል ጫፎች መካከል ስለካ ሜትሩ 221 አለ።

«ጥላ ነው» አልኩ ለረዳቴ።

«221 ጥላ?» አለኝ።

የመስመሩ ሁኔታ ከተመቸ ጥላም ወደ ሙሉ ቮልት ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። እሱን ላስረዳው ብዬ መምረጫውን ወደ ሎዜድ አዞርኩት። 219 አለ። ነቅነቅ አላለም። አፌ ደረቀ።

የጎረቤት ብሬከር ላይ ያለ የውሃ ማሞቂያ ኖሯል። ከዓመታት በፊት የሠራው ሰው መመለሻውን የሰጠው በመብራቱ ኒውትራል ነው። የእኔ ብሬከር ቢጠፋም የማሞቂያው ከረንት በዚያ ሰማያዊ ሽቦ ይመለስ ነበር፤ ያቺ ብልጭታ እሱን ስቆርጠው የወጣች ናት። ስለያየው ደግሞ የማሞቂያው ፌዝ በኤለመንቱ በኩል ዞሮ የሽቦው ጫፍ ላይ ቆመ። 1500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም ገደማ ነው። ለእሱ የሜትሬ 3 ኪሎ ኦም ምኑም አይደለም፤ ሁለት ቮልት ብቻ ነው የጎደለው። ያን ጫፍ ጥላ ነው ብዬ በእጄ ብይዘው ኖሮ በእኔና በማሞቂያው ፌዝ መካከል ያለው 32 ኦም ብቻ ነበር።

የማሞቂያውን ብሬከር አጥፍተን በሎዜድ እንደገና ለካን፤ ዜሮ ሆነ። ሜትሩን ሶኬት ላይ አረጋገጥን። ከዚያ ነው ሽቦውን የነካሁት። አሁን ኒውትራል ከመፍታቴ በፊት ክላምፕ ሜትር አጠልቅበታለሁ። ያን ቀን አጥልቄ ቢሆን ጠፋ በተባለው መስመር ላይ 7 አምፔር የሚጠጋ አይ ነበር።