የአሁኑ ደመወዝ የሚለው ሳጥን

የደወለልኝ ባሕር ዳር ሆኖ ለፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚመለምል ልጅ ነው። ቡሬ ላይ ያለ አንድ ፋብሪካ ሲኒየር አካውንታንት ይፈልጋል። ማስታወቂያውን ቀድሜ ቴሌግራም ላይ አይቼዋለሁ። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ያኔ ደብረ ማርቆስ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ፤ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪም፣ ፔይሮሉም፣ የወሩ ቫትም እኔው ላይ።

ልጁ ጨዋ ነው። ስለ ልምዴ ጠየቀኝ፣ ኦዲት ዘግቼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ለመሆኑ ወንድምዓለም፣ አሁን ስንት ነው የሚከፈልህ?» አለኝ።

14 ሺህ ብር ነበር፣ ጥቅል። ይህን ቁጥር ከአፌ ካወጣሁት ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ የእኛም ፋብሪካ ሲቀጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአሁኑ ላይ ሃያ ሠላሳ በመቶ ይጨመርና «አሪፍ ጭማሪ» ተብሎ ይቀርባል። 14 ሺህ ላይ 30 በመቶ ሲጨመር 18,200 ነው። እዚያው ቡሬ አካባቢ በዚሁ ሙያ የሚሠሩ የክፍል ጓደኞቼ ግን ከ22 እስከ 27 ሺህ እንደሚከፈላቸው ነግረውኛል። የእኔ 14 ሺህ የሥራው ዋጋ አይደለም። ጀማሪ ሆኜ የገባሁበት ደመወዝ ላይ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተለጠፈበት የመጣ ነው።

ደግሞም ጭማሪ በጥቅል ሲነገር ያምራል እንጂ ኪስ ሲገባ ሌላ ነው። በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ከ14 ሺህ በላይ ያለው ገንዘብ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የጡረታው 7 በመቶ ሲጨመርበት፣ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ሺህ ብር እጅ ላይ የሚቀረው 580 ነው። ያቺ የ4,200 ጭማሪ እጄ ስትደርስ 2,436 ብር ናት ማለት ነው። ቡሬ ላይ የምከራየው ቤት ጥርግ አድርጎ ይበላታል።

ስለዚህ እንዲህ አልኩት፤ «ለዚህ ቦታ የምጠብቀው ከ24 እስከ 28 ሺህ ነው፣ ጥቅል። የእናንተ በጀት እዚያ ውስጥ ይገባል?»

ትንሽ ዝም አለ። «እሽ፣ እሱን እይዘዋለሁ። ግን ፎርሙ ላይ የአሁኑ ደመወዝ የሚል አለ።»

«የምጠብቀውን ሙላበት።»

«አይ፣ የምትጠብቀው የራሱ ሳጥን አለው።»

«እንግዲያው በስምምነት ብለህ ጻፍበት። ማስታወቂያችሁ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ እስከ ዛሬ ድረስ የምወድለት እሱን ነው። «ቁጥር ካልሆነ አይቀበልም እኮ!» አለኝ። ቁጥር ከሆነ 0 ብለህ እለፍ አልኩት። ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ፣ የተነጋገርነውን በጽሑፍ እልክልሃለሁ አልኩና በቴሌግራም ላክሁለት፦ «ከ24 እስከ 28 ሺህ፣ ጥቅል።» አመሻሹ ላይ «በጀቱ ውስጥ ነው፣ ለኢንተርቪው ተዘጋጅ» የሚል መልስ መጣ።

ይህቺ መልስ በኋላ ምን ያህል እንደምትጠቅመኝ ያኔ አላሰብኩትም። ጥቅል የሚለውን ግን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። እዚህ አገር አንዱ ኔት እያሰበ ሌላው ጥቅል እያሰበ ተጨባብጠው የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። 24 ሺህ ጥቅል፣ ግብርና ጡረታ ሲነሣለት 15,970 ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ከሚከራከር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሞክሮታል። 13 ሺህ እየተከፈለው 20 አለ። ተስማሙ፣ ደስ አለው፣ ከዚያ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጣ ተባለ። ማስረጃው ላይ 13 ሺህ ተጽፏል። ጉዳዩ እዚያው ቀረ፤ ሒሳብ ሠራተኛ በቁጥር ሲዋሽ ማን ይቀጥረዋል? እኔም የማልዋሸው ጻድቅ ስለሆንኩ ሳይሆን ይህን ስላየሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። ደመወዙ ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ይህን ጥያቄ መሸሽ እስከ ማስረጃው ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ኢንተርኔት ላይ «አልናገርም በላቸው» የሚሉት፣ አንዳንዶቹ የሚጽፉት መጠየቁ ራሱ በሕግ ከተከለከለባቸው ቦታዎች ሆነው ነው።

ኢንተርቪው ላይ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን ገልብጠው ገልብጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ሥራ ፈተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ። ያቺ 0 ናት። «ኧረ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ አስረዳሁ። ፊታቸው ግን ቶሎ አልተፈታም። የሆነው ሆኖ አለፍኩ። «24 ብለሃል፣ 24 ይሁን» ተባለ። 28ን እስከ ዛሬ ያነሣት ሰው የለም። የታችኛው ቁጥር ተሰምቶ የላይኛው እንደሚቀር አውቄ ስለነበር ነው 24ን እፈርምበታለሁ ካልኩት በታች ያላወረድኳት።

ከዚያ ማስረጃውን አስገባሁ። በማግስቱ የሰው ኃይል ክፍላቸው ደወለ።

«14 ሺህ ነበር እንዴ ደመወዝህ? 10 ሺህ ጭማሪ እኮ ነው የጠየቅኸው! ለ19 አናግረንልሃል፣ እሱም ብዙ ነው።»

ደሜ ፈላ። ተስማምተን የለም ወይ? ደግነቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አላስገባሁም ነበር። ማስረጃውን ያወጣሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ ይህንንም አዋጁ ይፈቅዳል። ለቅቄ፣ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ እየቆጠረብኝ ቢሆን ኖሮ 19ኙን አመስግኜ እወስድ ነበር። አሁን ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እህቴ፣ የተነጋገርነው ስለዚህኛው ሥራ ነው። በጀቱ ውስጥ ነው የተባልኩበት መልእክት አለኝ፣ ልላክልሽ?» አልኳት። ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አሉ። ሦስተኛው ቀን የቅጥር ደብዳቤው በ24 ሺህ መጣ፤ መልቀቂያዬን ያስገባሁት እሱን በእጄ ከያዝኩ በኋላ ነው።

አሁን ፔይሮሉን የምሠራው እኔ ነኝ። ከጎኔ ያለችው አካውንታንት በማዕረግም በልምድም እኩያዬ ናት። ደመወዟ 17 ሺህ ነው። ስትቀጠር 13 እንደሚከፈላት በስልክ ነግራቸው ነበር። ፔይሮል ምሥጢር ነው፣ አንዳች አልተነፈስኩም።

ባለፈው ምሳ ላይ ሽሮውን እየጠቀለለች፣ «እኔ የምልህ፣ ለአንተ ስንት ነው የሚከፍሉህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንቺ ስንት ይገባኛል ነው የምትዪው?» አልኳት።

«ሂድ ወደዚያ!» ብላ ሽሮውን ወደ ራሷ ሳበችው።